ቀን የሚዘጋ ፍሎተር ሌሊት ለምን ያፈሳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሰፈሩ ጭር ባለበት፣ ቧንቧው ያስላል፤ አየር ይተፋል፤ ከዚያ ውሃው ይመጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ መሙላት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ውሃ በቆርቆሮ ላይ ሲንዠቀዠቅ። ዝናብ አይደለም፤ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

እናቴ ቤት ይህ ነገር ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራና ፍሎተሩን ቀየረ። በማግስቱ ቀን ደከም ያለ ውሃ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየው፤ ሮቶው ሞላ፣ ፍሎተሩም ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። «ይኸው እናቴ፣ ጠብታ እንኳ የለም» አላት። በዚያው ሌሊት ቆርቆሮው እንደገና ተንዠቀዠቀ። ሠራተኛው ተመልሶ መጣ፤ ሌላ አዲስ ፍሎተር ገጠመ፤ ያው ሆነ። እናቴ በመጨረሻ «ልጄ፣ ቀን ቀንማ ሁሉም ይዘጋል፤ ሌሊት ነው እምቢ የሚለው» አለችው።

መልሱ እዚያችው ንግግሯ ውስጥ ነበር። ፍሎተሩ አልተበላሸም ነበር፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ቀንና ሌሊት የተለየው ሌላ ነገር ነው። እሱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ይህች ኳስ የተንጠለጠለችባት ዕቃ ሥራዋን እንዴት እንደምትሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ፍሎተር የምንለው ምኑን ነው?

ፍሎተር ወደ ታንከር የሚገባውን ውሃ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ኤሌክትሪክ የለውም፤ ከውሃው በቀር የሚያሠራው ኃይልም የለም። የሮቶውን ክዳን ከፍታችሁ ብታዩ አራት ነገር ታገኛላችሁ። ከመንገድ የመጣው ቧንቧ የሚያልቅበት የናስ ወይም የፕላስቲክ አካል አለ፤ በውስጡ ውሃው የሚወጣባት ጠባብ ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ ፊት ለፊት እንደ ክዳን የምትጋጠም ትንሽ ክብ ጎማ አለች። ጎማዋን ወደ ቀዳዳው የሚገፋና የሚለቅ ረጅም ዘንግ አለ፤ ይህ ዘንግ ከአካሉ ጋር በፒን ስለተያያዘ ወደላይና ወደታች ይዞራል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ውስጧ ባዶ የሆነ ኳስ አለች።

(በገበያ «ፍሎተር» ሲባል ከምድር ታንከር ወደ ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ የሚያበራና የሚያጠፋው ባለ ሽቦ ማብሪያም ይጠራበታል። እሱ ሌላ ዕቃ ነው፤ እዚህ የማወራው ስለ እሱ አይደለም።)

የውሃው ከፍታ መድረሱን በምን ያውቃል?

በኳሷ ነው። ክዳኑ የተከደነ ባዶ ጀሪካን በርሜል ውሃ ውስጥ ገፍታችሁ ለማስጠም ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል። መጀመሪያ በቀላሉ ይገባል፤ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ግን እጃችሁን እየበረታ ይገፋዋል፤ ለቀቅ ስታደርጉት ዘሎ ይወጣል። ወደላይ የሚገፋው ኃይል መጠኑ የታወቀ ነው፤ ጀሪካኑ ቦታውን የወሰደበት ውሃ ክብደት ያህል ነው። ጀሪካኑ 5 ሊትር ውሃ ከቦታው ገፍቶ ከሆነ፣ ውሃው በ5 ኪሎ ኃይል ወደላይ ይመልሰዋል። ከዚያ ላይ የራሱ የጀሪካኑ ክብደት ይቀነሳል።

የፍሎተሩ ኳስ ያቺው ጀሪካን ናት። ሮቶው ጎዶሎ ሲሆን ኳሷ በራሷ ክብደት ወደታች ትንጠለጠላለች፤ ዘንጉ ጎማዋን ከቀዳዳው ያርቃታል፤ ውሃው ይገባል። ውሃው ከፍ ሲል ኳሷን ያገኛታል፤ ያነሳታል፤ ዘንጉም ይዞርና ጎማዋን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋታል። መዝጋቱ በአንዴ አይደለም። ኳሷ በአንድ ጣት ከፍ ስትል ቀዳዳው በመጠኑ ይጠብባል፤ ስለዚህ የመጨረሻዋ እጅ ውሃ ከቀረው ሁሉ ይልቅ ቀስ እያለች ነው የምትገባው። ሽንት ቤት ፍላሽ ከተደረገ በኋላ መጨረሻ ላይ የምትሰማው «ስስስ…» የምትል ቀጭን ድምፅ ውሃው በዚያች በጠበበች ክፍተት ሲፈተለክ የሚወጣ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጉዳያችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍሎተሩ የውሃውን ከፍታ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ኳሷ ምን ያህል እንደጠለቀች ነው። የሚዘጋውም ኳሷ የምትገፋው ኃይል ከቧንቧው የሚመጣውን ግፊት ሲችል ነው። ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ፤ ከፍታው የሚወሰነው በትግሉ ውጤት ነው።

ጭብጥ የምታክል ኳስ የመንገዱን ግፊት እንዴት ትችላለች?

በሁለት ብልሃት። የመጀመሪያው የቀዳዳዋ ጥበት ነው። የቧንቧ ግፊት በባር ይለካል፤ 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ የ1 ኪሎ ያህል ጫና ነው። ቀዳዳዋ ከጣት ጥፍር ያነሰች ከሆነች ጎማዋ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ጫና ትንሽ ነው፤ ግፊቱ ምንም ያህል ቢሆን የሚነካት ስፋት ጥቂት ነውና።

ሁለተኛው ዘንጉ ነው። ትልቅ ድንጋይ በዲጅኖ የሚፈነቅል ሰው የዲጅኖውን አፍ ከድንጋዩ ሥር ያስገባና ከጫፉ ይጫናል። የእጁ ጉልበት የሚበዛለት ከመደገፊያው እስከ እጁ ያለው ርቀት ከመደገፊያው እስከ ድንጋዩ ካለው ስለሚበልጥ ነው። ፍሎተሩ ላይም ከፒኑ እስከ ጎማዋ ያለው አጭር ነው፤ ከፒኑ እስከ ኳሷ ያለው ረጅም ነው። የመጀመሪያው 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 36 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኳሷ የገፋችው እያንዳንዱ ግራም ጎማዋ ዘንድ ሲደርስ 12 ግራም ይሆናል።

ታዲያ ሌሊት ምን ተፈጠረ?

የእናቴን ሮቶ ፍሎተር አወረድነውና ለካነው። ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ስፋቱ 0.785 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዘንጉ ከላይ እንዳልኩት 12 እጥፍ የሚያበዛ ነው። ኳሷ ከጎን እስከ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሙሉ ለሙሉ ብትጠልቅ 700 ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሚሊ ሊትር ውሃ ትገፋለች። የኳሷና የዘንጉ ክብደት በኳሷ ላይ ሲታሰብ 200 ግራም ገደማ ነበር። ከዚያ ጣሪያው ላይ ባለው መስመር የግፊት መለኪያ አሰርን። ቀን 1.5 ባር አነበብን። ሌሊት ውሃው ሲመጣ 5 ባር።

ይህ ልዩነት የሚገርም አይደለም። ሌሊት አብዛኛው ሰው ተኝቷል፤ ሮቶዎች አንድ በአንድ ሞልተው ሲዘጉ መስመሩ ላይ የሚፈሰው ውሃ ይቀንሳል፤ የሚፈስ ውሃ ደግሞ በቧንቧው ርዝመት ሁሉ እየተፋተገ ግፊቱን ያጣል። ፍሰቱ ሲቆም የሚጠፋው ግፊት አይኖርም፤ ሙሉው ግፊት እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ይደርሳል።

አሁን ሒሳቡን እንከተል። ቀን ቀዳዳዋ ላይ ያለው ጫና 1.5 በ0.785 ሲባዛ 1.2 ኪሎ ያህል ነው። ለ12 ሲካፈል ኳሷ 100 ግራም ኃይል ማዋጣት አለባት። በዚያ ላይ ራሷን ለመሸከም 200 ግራም ይጨመራል። ስለዚህ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ እስክትገፋ ድረስ መጥለቅ ይኖርባታል፤ ይህም ከኳሷ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ግማሿ ሊጠልቅ ጥቂት ሲቀረው ዘጋች።

ሌሊት ጫናው 5 በ0.785፣ ወደ 4 ኪሎ ደረሰ። ለ12 ሲካፈል 330 ግራም። የራሷ 200 ሲጨመር 530። ይህን ያህል ለመግፋት ኳሷ 7.5 ሴንቲ ሜትር መጥለቅ አለባት። ዘንጉ ሲዘጋ ያለው ቦታ ያው ነው፤ ስለዚህ ኳሷ የጠለቀችውን ያህል ውሃው ነው ከፍ የሚለው። በአጭሩ፣ ያው ፍሎተር፣ ያለ አንዳች ብልሽት፣ ሌሊት ውሃውን ከቀኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ነው የሚዘጋው።

የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ አፍ ደግሞ ከቀኑ የውሃ መስመር በላይ ያለው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ውሃው ፍሎተሩ ሊዘጋበት የሚችለው ከፍታ ላይ ሳይደርስ በቱቦው ይወጣል። ከፍ ስለማይል ኳሷ አትጠልቅም፤ ስላልጠለቀች አትዘጋም። እስኪነጋ ወይም ፈረቃው እስኪያበቃ ድረስ እንዲሁ ይንዠቀዠቃል። ሠራተኛው በቀን ቢመጣ አንድም ጥፋት የማያገኘው ለዚህ ነው። በእውነት ልፋቱ ያሳዝነኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጤነኛ ዕቃ በጤነኛ ዕቃ ነው የቀየረው።

ግፊቱ ከዚህም በላይ ቢሄድስ? ኳሷ ሙሉ በሙሉ ብትሰጥም ለመግፋት የሚተርፋት 500 ግራም ነው። በ12 ሲባዛ 6 ኪሎ። ይህ በ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ 7.5 ባር አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ኳሷ ከውሃ በታች ሆናም አትዘጋም። ኮረብታ ሥር ያሉ ሰፈሮች፣ ውሃው ከላይ ካለ ትልቅ ማጠራቀሚያ በቀጥታ የሚወርድላቸው፣ ከሌላው ይበልጥ ይህ ያሠጋቸዋል። እያንዳንዱ 10 ሜትር ቁልቁለት 1 ባር ይጨምራልና።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውንና የማይሠራውን ልናገር። ብዙዎች ከሮቶው በፊት ያለውን መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ገርበብ ያደርጉታል። ግፊቱ ይቀንሳል ብለው ነው። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ እውነት ይቀንሳል። ፍሎተሩ ሊዘጋ ሲቃረብ ግን ፍሰቱ ወደ ምንም ይወርዳል፤ ፍሰት ከሌለ ደግሞ ገርበብ ያለው መዝጊያ የሚያጠፋው ግፊት የለም። ከመዝጊያው በፊት 5 ባር ካለ፣ ትንሽ ቆይቶ ከመዝጊያው በኋላም 5 ባር ይሆናል። ኳሷ የምትታገለው ያንኑ ነው። የተረፈው ጉዳት ሮቶው ቀስ ብሎ መሙላቱ ብቻ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ኳሷን ዝቅ ማድረግ ነው። ዘንጉ ናስ ከሆነ በሁለት እጅ በጥንቃቄ ወደታች ይታጠፋል፤ ፒኑ ላይ ኃይል እንዳያርፍ አንዱ እጅ ከፒኑ አጠገብ ያለውን ጫፍ ይዞ ሌላው ወደ ኳሷ በኩል ያጥፋል። ፕላስቲክ ከሆነ አይታጠፍም፤ ብዙውን ጊዜ ኳሷን ወይም ዘንጉን የሚያወርድና የሚያወጣ ብሎን አለው። እኛ 4 ሴንቲ ሜትር አወረድናት። የሌሊቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲጨመርበት እንኳ ውሃው ከትርፍ ቱቦው በታች ይቆማል። የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፤ ወርዱ 1.1 ሜትር በሆነ ሮቶ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት 38 ሊትር ውሃ ማጣት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀዳዳውን ማጥበብ ነው። የከፍተኛ ግፊት ተብለው የሚሠሩ ፍሎተሮች ከውጭ ሲታዩ ከሌሎቹ አይለዩም፤ ልዩነታቸው ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከ10 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ስፋቱ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ ጫናውም እንደዚሁ። ያኔ የቀንና የሌሊት የውሃ መስመር ልዩነት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ግድም ይወርዳል።

ግን ሁለተኛው መንገድ በፈረቃ ለሚኖር ሰው ከባድ ዋጋ አለው። ቀዳዳው አንድ አራተኛ ሲሆን የሚገባውም ውሃ አንድ አራተኛ ነው። ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቀን፣ ጣሪያ ላይ 0.3 ባር ብቻ በሚደርስበት፣ በ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት በግምት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በ10 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሰዓት አይሞላም። ውሃው በሁለት ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ሮቶው ጎዶሎ ያድራል። ስለዚህ ውሃ ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ቤት ሰፊውን ቀዳዳ ይዞ ኳሷን ማውረድ ይሻላል ባይ ነኝ። ግፊቱ ከ7 ባር በላይ የሚሄድበት ቤት ደግሞ ከፍሎተሩ በፊት የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ማስገባት አለበት፤ እሱ ከተገረበበ መዝጊያ የሚለየው ፍሰት በሌለበትም ጊዜ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ነው።

ኳሷ ስትወርድ አንድ ነገር አትርሱ። ውሃው ከፍሎተሩ የሚወጣበት አፍ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ መሆን አለበት። አንዳንዱ ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ ቱቦ ቀጥሎ እስከ ሮቶው ወለል ያወርደዋል። ፈረቃው ሲያበቃ የመንገዱ ቧንቧ ባዶ እየሆነ ይስባል፤ ፍሎተሩ ያን ጊዜ ክፍት ከሆነ፣ በሰጠመው ቱቦ በኩል የሮቶው ውሃ ወደ መንገዱ መስመር ሊመለስ ይችላል። ከዚያ ወደ ጎረቤት ቧንቧ። አፉና ውሃው መካከል አየር ካለ የሚሳበው አየር ብቻ ነው።

የሽንት ቤቱ ፍላሽ ለምን ኳስ የለውም?

የድሮዎቹ አላቸው፤ ሥራቸውም ከላይ የተባለው ነው። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ የፕላስቲክ ምሰሶና በዙሪያው የምትንሸራተት ኩባያ የምታክል ተንሳፋፊ ነው ያላቸው። ረጅም ዘንግ የለም። ያቺ ትንሽ ኩባያ ግፊቱን በራሷ ጉልበት ብትታገል አትችልም። ስለዚህ ሌላ ብልሃት ተገኘ፤ ውሃው ራሱን በራሱ እንዲዘጋ ማድረግ።

በምሰሶው አናት፣ ከቆቡ ሥር፣ እንደ ሳንቲም ሰፋ ያለች ስስ ጎማ አለች። ከሥሯ የቧንቧው ውሃ ይገፋታል። በጎማዋ ላይ በመርፌ የተበሳች የምትመስል ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል ጥቂት ውሃ ወደ ጎማዋ ጀርባ፣ ወደ ትንሽ ክፍል ይገባል። ያ ክፍል ደግሞ ወደ ውጭ የሚያፈስ ሌላ ቀዳዳ አለው። ተንሳፋፊዋ የምትዘጋው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ታንኩ ጎዶሎ ሲሆን ተንሳፋፊዋ ወርዳለች፤ ከጎማዋ ጀርባ የሚገባው ውሃ ወዲያው ይወጣል፤ ጀርባዋ ግፊት የለውም። ከሥር የሚመጣው ውሃ ጎማዋን ያነሳትና በሰፊው ይፈሳል። ታንኩ ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ተነስታ መውጫዋን ትደፍናለች። አሁን ከጎማዋ ጀርባ የገባው ውሃ መሄጃ የለውም፤ ግፊቱ ከሥር ካለው ጋር እኩል ይሆናል። እኩል ግፊት ከሆነ ለምን ትዘጋለች? ከሥር ውሃው የሚነካው የጎማዋን ከፊል ብቻ ነው፤ ከላይ ግን ሙሉ ስፋቷን። በእኩል ግፊት ሰፊው ጎን ያሸንፋል። ጎማዋ ቁጭ ትላለች፤ ውሃው ይቆማል።

ከዚህ የተነሳ ይህኛው ዓይነት ከኳሱ ጋር ተቃራኒ ጠባይ አለው። ግፊቱ በበረታ ቁጥር አጥብቆ ይዘጋል። የሚያስቸግረው ደካማ ግፊት ነው። ጎማዋን የሚጫናት የውሃው የራሱ ግፊት ነውና፣ ያ ካነሰ በደንብ አትቀመጥም። ሮቶው ከፍላሹ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያለው ግፊት 0.2 ባር ነው። በዚህ ላይ አንዳንዱ አዲስ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ «ስስስ» እያለ ይውላል። ሰው ዕቃው የማይረባ ይመስለዋል፤ ቦታው ግን የእሱ አልነበረም። እንዲህ ላለ ቤት ባለ ዘንጉና ባለ ኳሱ፣ ያውም ሰፊ ቀዳዳ ያለው፣ የተሻለ ነው።

ሌላው ጠላቱ ደለል ነው። ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ዝገትና አሸዋ ይዟል። በጎማዋ ላይ ያለችው መርፌ ቀዳዳ በአንድ ፍሬ አሸዋ ከተደፈነች ከጀርባዋ ግፊት አይፈጠርም፤ ፍላሹም መዝጋት ያቆማል። በተቃራኒው ተንሳፋፊዋ የምትዘጋት መውጫ ከተደፈነች ጎማዋ አትነሳም፤ ታንኩ ጨርሶ አይሞላም። ማጽዳቱ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም። ውሃውን ከሥር ዝጉ፤ የምሰሶውን ቆብ በጥቂቱ አዙራችሁ አውጡት፤ ኩባያ ከላዩ ላይ ደፍታችሁ ይዛችሁ ውሃውን ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱት። የተጠራቀመው አሸዋ ይወጣል። ጎማዋን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ መልሱ።

ጥፋቱ የፍሎተሩ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ባለ ኳሱ ላይ አንድ ፈተና ብቻ ብዙውን ይለያል። ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ኳሷን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደላይ አንሱ። ውሃው ከቆመ ጎማዋና ቀዳዳው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ኳሷ ዘንድ ወይም የከፍታው ማስተካከያ ላይ ነው። ኳሷን ፈታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ አንቀጥቅጧት። ውስጧ ውሃ ከተንቦጫረቀ ተሰንጥቃለች፤ ውሃ የገባባት ኳስ ትከብዳለች፣ የምትገፋውም ያንሳል። ደረቅ ከሆነች የሮቶውን ግድግዳ ወይም ሌላ ቧንቧ እየነካች እንዳትሆን እዩ። በእጅ አንስታችሁም ውሃው ካልቆመ ግን ጥፋቱ የጎማዋ ነው፤ ወይ ተበልታለች፣ ወይ በእሷና በቀዳዳው መካከል አሸዋ ተቀርቅሯል። ጎማዋን ለብቻዋ መቀየር ይቻላል፤ ዋጋዋም ከሙሉው ፍሎተር በጣም ያነሰ ነው። ቀዳዳው ራሱ ከተቦረቦረ ግን አዲስ ጎማ ብዙ አትቆይም።

የሽንት ቤቱ ላይ ሁለት መፍሰሻ አለ፤ ሰው ያምታታዋል። አንዱ ፍሎተሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃው በመሃል ባለው የትርፍ ቱቦ ሲወርድ ነው። ሌላው ከታች ወደ መቀመጫው የሚከፍተው ጎማ ሲያሾልክና ፍሎተሩ የጎደለውን ለመሙላት በየጊዜው ሲከፈት ነው። በሁለተኛው ጊዜ ፍሎተሩ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እሱን መቀየር ከንቱ ነው። ለመለየት የታንኩን ክዳን አንሱና የውሃውን መስመር ተመልከቱ። ውሃው የትርፍ ቱቦው አፍ ላይ ደርሶ ወደ ውስጡ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የፍሎተሩ ነው።

ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ከሆነ መስመሩን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት፤ ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የታችኛው ጎማ ነው የሚያሾልከው። ቀለም ያልተገኘ እንደሆነ ያለ ምግብ ቀለምም ይሠራል፤ የፍላሹን መግቢያ ዝጉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ከእርሳሱ ምልክት ወርዶ እንደሆነ እዩ።

የሚባክነውን ማወቅ የፈለገ በሮቶው የትርፍ ቱቦ ሥር ባለ 1 ሊትር ዕቃ ይዞ ሰዓት ይመልከት። ክር የምታክል ፍሳሽ በ2 ደቂቃ ከሞላችው፣ በቀን 720 ሊትር፣ በወር ከ21 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል፤ ይህም ቆጣሪው ላይ ይመዘገባል። እናቴ ቤት ኳሷ ከወረደች በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ፈረቃ ሌሊት ጣሪያ ላይ ወጥቼ በባትሪ አየሁት። መለኪያው 5 ባር ያሳያል፤ ኳሷ ሩብ ያህሏ ብቻ ከውሃው በላይ ቀርታለች፤ የውሃው መስመር ከትርፍ ቱቦው አፍ በታች 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ቆሟል፤ ቱቦው ደረቅ ነበር።